የዳሽቦርድ ንጽጽር፦ ሳምንት 18 እና ሳምንት 19

ሰላም ሁላችሁም፣

የሁለቱን ሳምንታት ስክሪንሹቶች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ባጭሩ፣ ወደ ድረ ገጹ የመጣው ሰው ጨምሯል፤ የተመዘገበው ግን ቀንሷል። ከሁሉም በላይ የተለወጠው ደግሞ ሞባይል ላይ ገጹ ለመከፈት የሚወስደው ጊዜ ነው።

ሁለቱም ምስሎች ከሰኞ እስከ እሁድ ያለውን ሙሉ ሳምንት ያሳያሉ። ፊልተሩም በሁለቱም ላይ «ሁሉም ተጠቃሚዎች» ነው። ስለዚህ ከአንድ ካርድ በስተቀር (ወደ ታች እመለስበታለሁ) ቁጥሮቹን ማወዳደር ይቻላል።

| መለኪያ | ሳምንት 18 | ሳምንት 19 | ለውጥ |
|---|---|---|---|
| ጉብኝት | 48.2K | 51.6K | +3.4K (ወደ 7%) |
| አዲስ ምዝገባ | 1,240 | 1,054 | −186 (−15%) |
| የምዝገባ መጠን | 2.6% | 2.0% | −0.5 የመቶኛ ነጥብ ገደማ |
| አማካይ ቆይታ | 3:42 | 3:18 | −24 ሰከንድ (−11%) |
| የገጽ መክፈቻ ጊዜ፣ ሞባይል | 2.1 ሰከንድ | 3.4 ሰከንድ | +1.3 ሰከንድ (+62%) |
| የገጽ መክፈቻ ጊዜ፣ ኮምፒውተር | 1.6 ሰከንድ | 1.6 ሰከንድ | የለም |
| ክፍያ የፈጸሙ | 310 | 318 | +8 (+2.6%) |
| የስህተት መጠን | 0.4% | 0.4% | የለም |
| ያልተዘጉ የድጋፍ ጥያቄዎች | 37 | 52 | አይወዳደርም |

የምዝገባ መጠኑን ቀንሳችሁ ያያችሁ «0.6 እኮ ነው» ትሉ ይሆናል። ካርዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች የተጠጋጉ ናቸው። ምዝገባውን ለጉብኝቱ ሳካፍለው ከ2.57% ወደ 2.04% ነው የወረደው፤ ልዩነቱ 0.53 ነጥብ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል እንጂ ከነበረበት አንድ አምስተኛውን አጥቷል ማለት ነው። ለአለቆች ስታቀርቡ «ምዝገባ በ0.5 በመቶ ቀነሰ» እንዳይባል አደራ። ምዝገባው የቀነሰው በ15 በመቶ ነው፤ በግማሽ ነጥብ የወረደው የምዝገባ መጠኑ ነው።

የጉብኝቱን «ወደ 7%» ያልኩትም ለዚሁ ነው። 48.2K ሲል ከ48,150 እስከ 48,250 ያለ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ዝርዝር ከምስል አይወጣም።

ካርዱ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀስት «+12%» ይላል። እሱን ተዉት። ከስሩ በደቃቁ እንደተጻፈው የሚያወዳድረው ካለፉት 4 ሳምንታት አማካይ ጋር እንጂ ከሳምንት 18 ጋር አይደለም። የጉብኝቱ ግራፍም እንዳያታልላችሁ። በመጀመሪያው ምስል ቋሚው መስመር ከ0 ይነሳል፤ በሁለተኛው ከ6K። ሽቅብ የተተኮሰ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የምዝገባው ዕለታዊ መስመር ከሰኞ እስከ ረቡዕ ካለፈው ሳምንት ጋር ተመሳሳይ ነው። ሐሙስ ላይ ይወርዳል፤ እስከ እሁድም አያገግምም። የሞባይል መክፈቻ ጊዜ የወጣውም ሐሙስ ነው። የየቀኑን ትክክለኛ ቁጥር ከምስሉ ማንበብ አይቻልም፣ ቅርጹን ብቻ ነው ያየሁት። ግን መገጣጠሙ ግልጽ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱ ምንም አለመነካቱና የስህተት መጠኑ ባለበት መቆየቱ ችግሩ ገጹ መዘግየቱ እንጂ መበላሸቱ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ግን አልደመድምም፤ የምዝገባ ካርዱ ሞባይልና ኮምፒውተርን ለይቶ አያሳይም። የጎብኚው ዓይነት ተለውጦም ሊሆን ይችላል። ጉብኝት ጨምሮ ቆይታ ሲያጥር ይህ ያጋጥማል።

ክፍያ ላይ የታየችው የ8 ሰው ጭማሪ ከሳምንት ሳምንት የሚታይ ተራ መዋዠቅ ናት። ወሬ አታድርጓት።

የድጋፍ ጥያቄዎቹን ያላወዳደርኩት ካርዱ የሳምንቱን ድምር ስለማያሳይ ነው፤ ምስሉ በተነሳበት ደቂቃ ያልተዘጋውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። የመጀመሪያው የተነሳው ሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛው ሰኞ ከሰዓት ነው። የግማሽ ቀን ጥያቄ ተጨምሮበታል። የኢሜይል ካርዱ ደግሞ ሁለተኛው ምስል ላይ ከታች ተቆርጧል፤ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ዳሽቦርዱን መክፈት የምትችሉ፣ የሳምንት 18ንና 19ን ምዝገባ በመሣሪያ ዓይነት ለይታችሁ ላኩልኝ፤ ስክሪንሹት ሳይሆን ሲኤስቪ ፋይሉን። ከቴክኒክ ቡድኑም ረቡዕ ማታ ወይም ሐሙስ ጠዋት ሞባይል ገጹ ላይ የተለቀቀ ለውጥ ካለ አሳውቁኝ። ቀጣዩ ስክሪንሹት ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነሳ፤ እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ።