ቅዳሜ ለቡና ቅምሻ መጥታችሁ ለተመለሳችሁ፣ ቆማችሁ ለዋላችሁም፦ ይቅርታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ የቅምሻ ተሳታፊዎች፣

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ባዘጋጀነው የቡና ቅምሻ ላይ ለ24 ሰው በተሰናዳ ክፍል ለ41 ሰው ቦታ ሸጥን። ከ41ዱ 38ታችሁ መጣችሁ። 31ዳችሁ ተጨናንቃችሁ ገባችሁ፣ 7ታችሁ ከበር ተመለሳችሁ። በጣም ይቅርታ እንጠይቃለን። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ከእናንተ ወገን አንድም ያጠፋ ሰው የለም።

ይህን ደብዳቤ ለ41ዳችሁም የላክነው በምክንያት ነው። ቅዳሜ ዕለት በር ላይ ለአንዱ አንድ ነገር፣ ለሌላው ሌላ ነገር ተነግሯል። ዛሬ ግን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ወሬ ብትሰሙ ይሻላል።

እንዴት ተፈጠረ? ምዝገባው በሦስት በር ይገባ ነበር። 23 ሰው በኦንላይን ፎርሙ ተመዘገበ። 11 ሰው ስልክ ደውሎ ስሙ በደብተር ተጻፈ። አንድ ካፌ ደግሞ 7 ሠራተኞቹን በአንድ ክፍያ አስመዘገበ። ፎርሙን የሚያየው ሰው «ገና አንድ ቦታ አለን» ይላል፤ ደብተሩን የያዘችው ደግሞ ገና ግማሹ አልሞላም ብላ ታስባለች። ሦስቱን ዝርዝር አንድ ላይ አስቀምጦ የደመረ አልነበረም። የቴሌብር ክፍያውም ማንንም ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ይገባ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ የኔትወርክ ችግር ምናምን ብለን አናድበሰብስም።

በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ስህተት ጨመርንበት። ለ24 ሰው ብቻ ከፍተን ለቀሩት እዚያው መፍትሔ መፈለግ ሲገባን፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አልን። አዳራሽ ውስጥ ንግግር የሚሰማ ሰው ቢሆን ጠጋ ጠጋ ያስኬዳል። ቅምሻ ላይ ግን አያስኬድም። ለምን እንደማያስኬድ ትንሽ እናብራራ፤ ቁጥሩን ከዚህ በኋላም 24 ላይ የምናቆመው በዚሁ ምክንያት ነው።

እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ 6 ዓይነት ቡና ነበር፦ የታጠበ ይርጋጨፌ፣ የታጠበ ሲዳማ፣ ሊሙ፣ ያልታጠበ ጉጂ፣ ሐረር እና ጅማ። እያንዳንዱ በ5 ኩባያ ይቀርባል፤ አንዱ ኩባያ ውስጥ የተበላሸ ፍሬ ገብቶ ቢሆን ከአራቱ ጋር ሲነጻጸር ይያዛል። ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ 30 ኩባያ አለ። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ይለካል። ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት ይባላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ላይ ነው፤ ስለዚህ እኛ እንደፈላ ወዲያው እንቀዳለን። ከዚያ ሰዓት ይያዛል። በ4ኛው ደቂቃ ላይ ከላይ የረጋው የቡና ዱቄት በማንኪያ ጀርባ ይሰበራል፤ አፍንጫ ወደ ኩባያው ይጠጋል። ያ ሽታ የሚገኘው አንዴ ብቻ ነው። ከተሰበረ ተሰበረ። ከዚያ ፈሳሹ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቅምሻው ይጀመራል። ሲሞቅ፣ ለብ ሲል እና ሲቀዘቅዝ ደጋግሞ መቅመስ ያስፈልጋል፤ የይርጋጨፌው የአበባ ጠረንም ሆነ የሐረሩ ፍራፍሬ በየሙቀቱ ሌላ መልክ ነው የሚያሳየው።

በአንድ ጠረጴዛ 8 ሰው ሲሆን ሁሉም ተራ ይደርሰዋል። ቅዳሜ 10 እና 11 ሰው ነበር። ከኋላ የቆማችሁት ሲሰበር አላሸተታችሁም፤ ተራችሁ ሲደርስም ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። አንዲት ከአዳማ ሌሊት ተነስታ የመጣች ተሳታፊ ማንኪያዋን ይዛ የሰው ትከሻ ስታይ ነው ያረፈደችው። አንድም ኩባያ ሳትደርስ የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ከፊት የነበራችሁትም ብትሆኑ ክርን ለክርን እየተጋፋችሁ የውጤት ወረቀታችሁን በጉልበታችሁ ላይ ነው የሞላችሁት። ስለዚህ «ገብተዋል» ብለን የምንቆጥረው ሰው የለም። ለ41ዳችሁም ቅምሻው አልተደረገም ብለን ነው የምንነሳው።

እስካሁን የተደረገውን እንናገር። ከበር ለተመለሳችሁት 7 ሰዎች ለእያንዳንዳችሁ 1,800 ብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በቴሌብር ተመልሷል። ከእናንተ መካከል ከአዲስ አበባ ውጭ ለመጣችሁት 3 ሰዎች የመጓጓዣችሁን ደርሶ መልስ ከፍለናል። ቦታችሁ ግን አልተሰረዘም፤ በድጋሚ ስትመጡ ምንም አትከፍሉም። ምዝገባውም ቆሟል። ፎርሙ ተዘግቷል፣ ደብተሩ ተሰብስቧል፣ 41ዳችሁ ቀምሳችሁ እስክትጨርሱ አዲስ ሰው አይመዘገብም። ሦስቱ ዝርዝሮች አንድ ላይ ሆነዋል፤ የያዘውም አንድ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቦታ አመዳደቡ። ቅምሻው ሁለት ጊዜ ይደገማል፦ ቅዳሜ ጥቅምት 22 እና ቅዳሜ ጥቅምት 29፣ ሁለቱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በዚያው ክፍል። በእያንዳንዱ ቀን 24 ሰው ብቻ።

ጥቅምት 22 ላይ ቅድሚያ ያላችሁት ከበር የተመለሳችሁት 7 ሰዎች ናችሁ። ቀጥሎ በር ላይ በፈረማችሁበት ወረቀት ከ25ኛ እስከ 31ኛ ያላችሁት 7 ሰዎች፤ ማለትም በመጨረሻ ገብታችሁ ከኋላ የቆማችሁት። ይህ 14 ይሆናል። የቀሩት 10 ቦታዎች የሚሰጡት ክፍያው በገባበት ሰዓት ነው። ቀድሞ የከፈለ ቀድሞ ያገኛል።

«ለምን ቀድሞ በመጣ አይሆንም?» ያላችሁን አላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ቦሌ የሚያድር ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ከቢሾፍቱ ወይም ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ደግሞ መናኸሪያ ላይ ታክሲ እስኪሞላ ተቀምጦ ይሸነፋል። ፎርም በተሞላበት ቅደም ተከተል እንዳናደርገው ደግሞ ደብተሩ ላይ ቀን እንጂ ሰዓት አልተጻፈም። ስልክ የደወሉት ሰዎች በኛ አያያዝ መጎዳት የለባቸውም። ሁላችሁም ላይ በአንድ ዓይነት የተመዘገበው ነገር የክፍያ መልእክቱ ሰዓት ብቻ ነው። ፍጹም ፍትሐዊ ነው አንልም፤ አንዳንዱ ሰው ደመወዝ እስኪገባ ጠብቆ ነው የከፈለው። ግን ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ ራሱ ሊያጣራው ይችላል፤ እኛም ልንነካካው አንችልም።

ጥቅምት 29 ላይ 17 ሰው ይመጣል። 7ቱ የካፌው ሠራተኞች ናቸው፤ አንድ ላይ ስለከፈሉ አንድ ላይ እንዲቀምሱ ከአለቃቸው ጋር ተስማምተናል። 3ቱ ቅዳሜ ሳትመጡ የቀራችሁት ናችሁ፤ አለመምጣታችሁ ቦታ አያሳጣችሁም፤ እንዲያውም ሳታውቁት ትንሽ አቃላችሁልናል። የቀሩት 7ቱ በክፍያ ሰዓት ከ10ሩ በኋላ ያላችሁት ናችሁ። በዚህ ቀን 7 ቦታ ይተርፋል። ያን አንሸጥም። ጥቅምት 22 የማይመቸው ሰው የሚዛወርበት ነው።

ዛሬ ማታ ለእያንዳንዳችሁ በስልክ መልእክት ቀናችሁ፣ የጠረጴዛ ቁጥራችሁ እና የወንበር ቁጥራችሁ ይደርሳችኋል። ጥቅምት 22 የተመደባችሁ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 20 ማታ 12 ሰዓት «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ብላችሁ መልሱልን። ጥቅምት 29 የተመደባችሁ ደግሞ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 27። ቀነ ገደቡ ለይስሙላ አይደለም። ለቅምሻ የሚሆን ሳምፕል ከቆላን በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት ማረፍ አለበት፣ ከ24 ሰዓት ባይበልጥም ይመረጣል። ስለዚህ አርብ ይቆላል። አርብ ጠዋት ስንት ኩባያ እንደምንለካ ማወቅ አለብን። መልስ ያልሰጠ ሰው ጋ እንደውላለን፤ ካልተገኘ ቦታው በክፍያ ሰዓት ለሚቀጥለው ይሰጣል፣ ያልተገኘው ሰው ደግሞ ወደ 29 ይዛወራል። ማንም ከዝርዝሩ አይወጣም።

ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠት ትችላላችሁ። ስሙን ቀድማችሁ ንገሩን እንጂ ለምን ብለን አንጠይቅም። «በቃኝ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ» ማለትም ትችላላችሁ። ቅዳሜ ገብታችሁ የነበራችሁም ብትሆኑ ሙሉ 1,800 ብር ይመለሳል፤ በነገራችሁን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ።

አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። ከትናንት ጀምሮ «እስቲ ለእገሌ ብላችሁ» የሚሉ ስልኮች መጥተዋል። ደዋዮቹን እንወዳቸዋለን፣ ጥያቄውን ግን አልተቀበልንም። ዝርዝሩ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ስም አይኖረውም፤ የስልካችሁ የመጨረሻ አራት ቁጥሮችና የክፍያ ሰዓታችሁ ይኖራል። የተዛባ ነገር ካያችሁ በተመዘገባችሁበት ስልክ ደውሉልን፤ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ይነሳል።

ለሚቀጥሉት ቅምሻዎች አሠራሩ ተለውጧል። መጀመሪያ የወንበር ቁጥር ትቀበላላችሁ፣ ከዚያ ትከፍላላችሁ። ቁጥር ሳይኖረው የገባ ክፍያ በዚያው ቀን ይመለሳል። 25ኛው ሰው ወደ ተጠባባቂ ዝርዝር ይገባል፤ ተጠባባቂ ደግሞ ብር አይከፍልም።

ስትመጡ ሽቶ አትቀቡ፤ ሎሽንም ቢሆን ጠረን የሌለው ይሁን። ቁርስ ብሉ፣ ግን ሽንኩርትና ሚጥሚጣ የበዛበትን ለምሳ አቆዩት። ማንኪያም ወረቀትም እኛ ጋ አለ። በሩ 2 ሰዓት ከ30 ይከፈታል፣ ውሃው የሚቀዳው ልክ 3 ሰዓት ከ15 ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅምሻው አዘጋጆች