የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና፦ የቅርብ ኃላፊ የጽሑፍ አስተያየት

የሥራ መደብ፦ ከፍተኛ የትራንዚት ባለሙያ፣ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ
ምዘናው የሚሸፍነው ጊዜ፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
የተጻፈበት ቀን፦ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
አጠቃላይ ውጤት፦ 3 ከ5 (የሚጠበቀውን ያሟላ)

ከዚህ በታች የጻፍኩት በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው፦ በክፍሉ የፋይል መዝገብ፣ ከደንበኞች ጋር በተለዋወጥናቸው ኢሜይሎች፣ እንዲሁም እኔ በቦታው ሆኜ ባየሁት። የሥራ ሰዓት አከባበርዎን በተመለከተ ከሌላ ክፍል በቃል የደረሰኝ ቅሬታ ነበር። የሰዓት መቆጣጠሪያው መዝገብ ስለማይደግፈው ምዘናው ውስጥ አላስገባሁትም፤ በነጥቡም ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም።

የዲክላራሲዮን ጥራት (5 ከ5)

በስድስት ወር ውስጥ 148 ዲክላራሲዮን አዘጋጅተው አቅርበዋል። ለማስተካከያ የተመለሱት 5 ብቻ ናቸው። የክፍሉ ግብ ከ100 ከ6 እንዳይበልጥ የሚል ነው፤ የእርስዎ ከ4 በታች ነው። ከአምስቱ ሁለቱ የተመለሱትም ደንበኛው ኢንቮይሱን ከቀረበ በኋላ በመቀየሩ ነው።

ከቁጥሩ በላይ የምመሰክርለት የነሐሴ 21 ሥራዎ ነው። በባቡር የገባው የሰድር ድንጋይ ጭነት ሰነድ ሲደርስዎ፣ በኢንቮይሱና በፓኪንግ ሊስቱ መካከል የ1,240 ኪሎ ግራም ልዩነት እንዳለ አስተዋሉ፤ ሰነዱንም ሳያቀርቡ አቆዩት። ደንበኛው በዕለቱ ይቅረብልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ሲደውል በትሕትና ግን ሳያወላውሉ እምቢ ማለትዎን አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻለሁ። የተስተካከለው ሰነድ በማግስቱ ከላኪው መጣ። ልዩነቱ በፍተሻ ላይ ቢገኝ ኖሮ ደንበኛውን ለቅጣት፣ ድርጅታችንንም ለትዝብት ይዳርግ ነበር። ከአንድ ከፍተኛ ባለሙያ የምጠብቀው እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ነው፤ ለክፍሉ ሠራተኞችም በስብሰባ ላይ በምሳሌነት አንስቼዋለሁ።

የደንበኛ ግንኙነት (4 ከ5)

በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ደንበኛን በራሱ ቋንቋ ማስተናገድዎ ለዚህ ቅርንጫፍ ትልቅ ሀብት ነው። ከጅግጅጋ የሚመጡ ሁለት አስመጪዎች አዲስ ጭነታቸውን ለእርስዎ እንድንሰጥ በጽሑፍ ጠይቀዋል። በደወሌ መስመር ላይ መኪና ሲቆም ሾፌሮች መጀመሪያ የሚደውሉት ለእርስዎ ነው፤ ይህንንም ከቢሮ ሰዓት ውጭ ጭምር ሲያስተናግዱ አይቻለሁ። አምስት ያልሰጠሁት ከዚህ ቀጥሎ በምገልጸው ምክንያት ነው።

ክትትልና ሪፖርት (2 ከ5)

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ከውጤትዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው።

የጭነት ሁኔታ ሪፖርት በየሳምንቱ ሐሙስ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ለደንበኞች መላክ አለበት። በእረፍት ላይ የነበሩበትን ሳምንት ሳንቆጥር 25 ሪፖርት ይጠበቅብዎ ነበር። 16ቱ በሰዓቱ ተልከዋል፤ 9ኙ ከአንድ እስከ አራት ቀን ዘግይተዋል። ነገር ግን ቁጥሩን በደፈናው ማየት ፍትሐዊ አይሆንም። ጥቅምት 25 አንድ ባልደረባችን ሥራ ሲለቁ 31 ፋይሎች ወደ እርስዎ ተዛውረዋል። ከዚያ ቀን በፊት ከነበሩት 16 ሪፖርቶች የዘገዩት 2 ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ9ኙ 7ቱ ዘግይተዋል። ስለዚህ መዘግየቱን የሥራ ፍላጎት ማነስ አድርጌ አልወሰድኩትም። የሥራ ጫናው እውነተኛ ነው። ሆኖም ጫናው እንደበዛብዎ በእነዚህ ሰባት ሳምንታት ውስጥ አንድም ጊዜ በቃልም ሆነ በጽሑፍ አላሳወቁኝም፤ ነጥቡ 2 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱ ምን እንደሆነ የኅዳሩ የመለዋወጫ ዕቃ ጭነት ያሳያል። የሁለቱ ኮንቴይነሮች የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት እንደሚጎድል ኅዳር 12 በፋይሉ ላይ በእጅዎ ጽፈዋል። ደንበኛው የሰማው ግን ኅዳር 17 ነው። ምስክር ወረቀቱ ተጠይቆ በሁለት ቀን ውስጥ መጥቷል፤ ይህም በወቅቱ ቢነገራቸው ኖሮ ኮንቴይነሮቹ ከነጻ ጊዜው ሳያልፉ ይወጡ እንደነበር ያሳያል። በደረቅ ወደቡ የተቆጠረውን 38,400 ብር የማከማቻ ክፍያ ድርጅቱ ሸፍኗል። ጉዳዩን ደንበኛው ከማማረራቸው በፊት እርስዎ ራስዎ መጥተው ነግረውኛል። ይህን ሐቀኝነትዎን በደስታ እመዘግበዋለሁ፤ የነገሩኝ ግን ክፍያው መቆጠር ከጀመረ በኋላ ነበር።

ሥራን ማካፈልና ማስረከብ (2 ከ5)

ከጥቅምት 4 እስከ 8 ዓመታዊ እረፍት ሲወጡ በእጅዎ የነበሩት 7 ፋይሎች የማስረከቢያ ማስታወሻ አልነበራቸውም። ጀማሪ ባለሙያዋ የየፋይሉን ደረጃ ለማወቅ እረፍት ላይ እያሉ ደጋግመው ሊደውሉልዎ ተገደዱ። እርስዎም ስልኩን ሁልጊዜ አንስተዋል፤ ግን እረፍትዎ እረፍት አልሆነም፣ እርሳቸውም ሥራውን በራስ መተማመን አልያዙትም። በሐምሌ በተስማማነው ዕቅድ ጀማሪ ባለሙያዋ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 20 ዲክላራሲዮን በእርስዎ ክትትል እንዲያዘጋጁ ነበር፤ ያዘጋጁት 6 ነው። ስድስቱም ያለ ማስተካከያ አልፈዋል። ማስተማር እንደሚችሉበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ያነሰው የሰጧቸው ዕድል ነው፤ አስቸጋሪ ፋይል ሲመጣ ራስዎ ይዘው ሲያመሹ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ለሚቀጥለው ግማሽ ዓመት

አራቱ መመዘኛዎች እኩል ክብደት ስላላቸው አማካዩ 3.25 ነው፤ በቅጹ አሠራር መሠረት 3 ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ውጤት የማስጠንቀቂያ መነሻ አይደለም፤ ሆኖም ለቡድን መሪነት ዕድገት የሚያስፈልገው 4 ስለሆነ በዚህ ዙር አላቀረብኩዎትም። ክፍሉን ወደፊት ሲመሩ ማየት እፈልጋለሁ፤ የጎደለውንም በዝርዝር የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ከጥር 12 ጀምሮ ከተዛወሩት ፋይሎች ውስጥ አሁንም ክፍት የሆኑት 14ቱ ለሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ይከፋፈላሉ፤ ይህ የእኔ ድርሻ ነው። ከእርስዎ የምጠብቀው ሦስት ነገር ነው። ሰነድ መጉደሉ በታወቀ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ለደንበኛው በኢሜይል ይነገር፤ ለእኔም ግልባጭ ይላክ። የሐሙሱ ሪፖርት እንደማይደርስ ካወቁ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያሳውቁኝ፤ እንዲህ ያሳወቁበት ሳምንት እንደ ዘገየ አይቆጠርም። ጀማሪ ባለሙያዋ ደግሞ እስከ ሰኔ 30 ድረስ 20 ዲክላራሲዮን ያዘጋጁ፤ ከእነዚህም ቢያንስ 5ቱ በቀይ መስመር ለፍተሻ የወጡ ጭነቶች ይሁኑ፤ ቀላሉን ብቻ ሰጥተን ባለሙያ አናደርጋቸውም።

በየወሩ መጨረሻ ሁለታችን መዝገቡን አብረን እናያለን። በዚህ አስተያየት ውስጥ የተሳሳተ ቀን፣ ቁጥር ወይም ያልተሟላ ታሪክ ካገኙ ከማስረጃው ጋር እስከ ጥር 15 በጽሑፍ ያቅርቡልኝ። ምላሽዎ ከዚህ ምዘና ጋር ተያይዞ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ይላካል፤ የሚያሳምን ሆኖ ካገኘሁት ነጥቡን አስተካክዬ እፈርማለሁ።

የትራንዚት ክፍል ኃላፊ
ድሬዳዋ