ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ፦ የሰብል ልማት ባለሙያ እና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደጀን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ከዚህ በታች በተገለጹት ሁለት የሥራ መደቦች ላይ ሠራተኞችን አወዳድሮ በቋሚነት መቅጠር ይፈልጋል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ወይም ቦርዱ ጋ ለማይደርስ ዘመድም አንብቡለት። ሥራውን መሥራት የሚችል ልጅ በአንድ ወረቀት ጉድለት ሲመለስ ማየት ያሳዝነናል።

የመጀመሪያው መደብ የሰብል ልማት ባለሙያ ነው። ብዛት 4። በዕፅዋት ሳይንስ ወይም በሰብል ልማት የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል። የሥራ ልምድ 0 ዓመት ነው፤ ማለትም አዲስ ተመራቂ ይወዳደራል፣ ልምድ ያለውም አይከለከልም። በ2015 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ የተመረቀ ሰው የመውጫ ፈተናውን ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ሦስቱ ባለሙያዎች በደጋው ቀበሌዎች፣ አንዱ በዓባይ በረሃ በኩል ባለው ቆላ ይመደባሉ። የቆላው ቦታ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ መንገዱም በእግር የሚኬድ ነው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ተመድቦ በወሩ ዝውውር የሚጠይቅ ሰው አርሶ አደሩን በዘር ወቅት ያለ ባለሙያ ስለሚያስቀረው ነው።

ሁለተኛው መደብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ብዛት 1። በጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር ደረጃ 4፣ ከብቃት ማረጋገጫ ጋር፣ 2 ዓመት የሥራ ልምድ። የሥራ ቦታው ደጀን ከተማ ነው።

የሁለቱም መደቦች ደመወዝ በደረጃው ስኬል መሠረት ይከፈላል። አመልካቹ ኢትዮጵያዊና 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

ምዝገባው ከሰኞ ኅዳር 1 እስከ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በሥራ ሰዓት፣ በጽሕፈት ቤቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ይካሄዳል። የመጨረሻው ቀን የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ቢሮው ክፍት ነው፤ ነገር ግን ለንግሥ የምትሄዱ ሰዎች ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ከቀኑ 11፡30 በኋላ የሚመጣ አይመዘገብም። ምዝገባው በነጻ ነው። «አስገባልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ለጽሕፈት ቤቱ ወይም ለፖሊስ አመልክቱ።

ስትመጡ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ያዙ። የወጪ መጋራት ዕዳ ስላለባችሁ ዋናው ዲግሪ ያልተሰጣችሁ በጊዜያዊ ዲግሪ መመዝገብ ትችላላችሁ። የግል ድርጅት የሥራ ልምድ የምታቀርቡ፣ ደብዳቤው ከደመወዛችሁ ግብር መቆረጡን የሚገልጽ ይሁን፤ ይህ ካልተጻፈበት ልምዱ አይያዝላችሁም።

አንድ ነገር በደንብ ተመልከቱ። መታወቂያው ላይ የአያት ስም «ገ/ሥላሴ»፣ ዲግሪው ላይ «ገብረሥላሴ» ቢል ችግር የለውም። የአባት ስም ራሱ ከተለያየ ግን አንድ ሰው መሆናችሁን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከሚመለከተው አካል ይዛችሁ ኑ። ይህ ማስረጃ በአንድ ቀን ላያልቅ ስለሚችል ወረቀታችሁን ዛሬውኑ አስተያዩ። ራሱ መምጣት የማይችል ሰው በሕጋዊ ወኪል መመዝገብ ይችላል። የጤና ምርመራና የአሻራ ማስረጃ የሚጠየቀው ያለፈ ሰው ብቻ ስለሆነ አሁን ገንዘብ አታውጡበት።

ለፈተና ያለፉ ሰዎች ስም ዓርብ ኅዳር 19 በጽሕፈት ቤቱ ቦርድ ይለጠፋል። የጽሑፍ ፈተናው ቅዳሜ ኅዳር 27 ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ይጀመራል፤ ከ60 ይያዛል። መታወቂያ ያልያዘ አይገባም፤ ሞባይልም ወደ ክፍል አይገባም። ውጤቱ ዓርብ ታኅሣሥ 3 ይለጠፋል። ከጽሑፉ 30 እና ከዚያ በላይ ያመጡ ማክሰኞ ታኅሣሥ 7 ለተግባርና ቃል ፈተና ይቀርባሉ፤ እሱ ከ40 ይያዛል።

የሰብል ባለሙያ ተወዳዳሪ በተግባር ፈተናው የስንዴ ዋግ ያለበትን ቅጠል ከጤነኛው ለይቶ ያሳያል። ሁለት ጥማድ ማሳ ላለው አርሶ አደርም ስንት ኪሎ ዩሪያ እንደሚያስፈልገው አስልቶ በአማርኛ ያስረዳል። የሄክታሩ መጠን በጥያቄው ላይ ይሰጣል፤ የሚጠበቅባችሁ ጥማዱን ወደ ሄክታር መለወጥና አርሶ አደሩ በሚገባው ቋንቋ መናገር ነው። ለዚህ ክፍል ብዙ ነጥብ የሰጠነው ሥራው ከማሳ ላይ ስለሆነ ነው። የመዝገብ ቤት ተወዳዳሪ ፋይል አደራጅቶ በኮምፒውተር ደብዳቤ ይጽፋል።

ለሴት ተወዳዳሪዎች በጠቅላላ ውጤታቸው ላይ 3 ነጥብ ይደመራል። አካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ ለፈተናው የሚያስፈልገውን ድጋፍ በምዝገባ ዕለት ያስመዝግብ፤ አንባቢ፣ ጸሐፊ ወይም ምድር ቤት ያለ ክፍል እናዘጋጃለን።

የመጨረሻው ውጤት ዓርብ ታኅሣሥ 17 ይለጠፋል። ቅሬታ ያለው ሰው ውጤቱ ከተለጠፈ ጀምሮ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያቅርብ። የፈተና ወረቀቱን ማየት የሚፈልግም በእነዚሁ ቀናት መጥቶ ያያል።

የደጀን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.