ምዕራፍ ሦስት፦ የጥናቱ ዘዴ

ይህ የተግባር ምርምር ነው። ለስድስት ሳምንት ማስተማር በተለማመድኩበት አራተኛ ክፍል አንዳንድ ተማሪዎች ጮክ ብሎ ማንበብን ለምን እንደሚሸሹ ለማወቅ የተሠራ ነው።

ክፍሉ 48 ተማሪዎች አሉት። ሁሉንም መከታተል ለአንድ ሰው ስለማይሆን 12 መረጥኩ። ዕጣ አላወጣሁም፤ ዕጣው ጎበዝ አንባቢዎቹ ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ የእኔ ጥያቄ ደግሞ ዝም ስለሚሉት ነው። ስለዚህ ከክፍሉ መምህርት ጋር ሆነን በመጀመሪያው ሳምንት ለማንበብ አንዴም እጃቸውን ያላወጡ 6 ሴቶችና 6 ወንዶች ለየን። ውጤቱ ስለ እነዚህ ልጆች እንጂ ስለ አራተኛ ክፍል ሁሉ አይናገርም።

የተጠቀምኩት የምልከታ ቅጽና አጭር ቃለ መጠይቅ ነው። የጽሑፍ መጠይቅ አስቤ ነበር፣ ግን ማንበብ የሚከብደውን ልጅ በጽሑፍ መጠየቅ ምን ይሉታል? ምልከታው ልጁ አንገቱን ሲደፋ ያሳየኛል፤ ለምን እንደደፋ ግን የሚነግረኝ ራሱ ነው። የቃለ መጠይቁን ጥያቄ አስቀድሜ ስሞክር «ለምን አታነብም?» ስል ከ12ቱ ውጭ የሆነ አንድ ልጅ ዓይኑ እንባ ሞላ። ቁጣ መስሎት ነው። ጥያቄውን «ስታነብ ምን ይሰማሃል?» ብዬ ቀየርኩት።

ከርዕሰ መምህሩና ከወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለልጆቹም ማቋረጥ እንደሚችሉ፣ ማርካቸውም እንደማይነካ በቃል ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ በሦስተኛው ሳምንት «ይቅርብኝ» አለች፤ ማስታወሻዋን አስወገድኩ፣ 11 ቀሩ። በስም ፋንታ ኮድ ተጠቅሜያለሁ፣ የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂም ወደ ጽሑፍ እንደገለበጥኩ አጥፍቼዋለሁ።