«ገና ነው፣ ትርንጎ»፦ ስለ እጅ መታጠብ የ30 ሰከንድ የአኒሜሽን ፊልም ስክሪፕት

ይህ ስክሪፕት በባሕር ዳር ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች ለሚካሄደውና ዓለም አቀፉ የእጅ መታጠብ ቀን በሚውልበት ጥቅምት 5 ለሚጀመረው ዘመቻ የተጻፈ ነው። ፊልሙ በጤና ኬላዎች ደጅ፣ በገበያ ቀን በሚወጠር ሸራ ላይ፣ እንዲሁም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ በእጅ ስልካቸው ይታያል። ስለዚህ በገበያ ጫጫታ መካከል ድምፁ ባይሰማ እንኳ ሥዕሉ ብቻውን ነገሩን ማስረዳት ይኖርበታል።

በአካባቢያችን ሰው ወደ ማዕድ ሲቀርብ እጁን ይታጠባል። ታናሽ ለታላቅ፣ ባለቤት ለእንግዳ ውሃ ያፈሳል። ይህ ትልቅ ሀብት ስለሆነ ፊልሙ ሕዝቡን «እጅ መታጠብ አታውቁም» ብሎ መናገር አይገባውም። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሳሙናው እና ጊዜው። እጅ ብዙውን ጊዜ በውሃ ብቻ ይነከርና ወዲያው ይወጣል፤ ከመጸዳጃ ቤት መልስ ደግሞ ጭራሹን ይዘነጋል። በሳሙና የሚታሸው እጅ ቢያንስ 20 ሰከንድ መታሸት እንዳለበት በቃል ብንናገር አድማጩ 20 ሰከንድ ምን ያህል እንደሚረዝም አይገምተውም። በመሆኑም ከፊልሙ 30 ሰከንድ ውስጥ 20ውን ሳንቆርጥና ሳናፋጥን ለማሻሸቱ ሰጥተነዋል። ትርንጎ ማሸት ስትጀምር አብሯት የጀመረ ተመልካች፣ እርሷ ስትለቀለቅ የእርሱም እጅ ተገቢውን ጊዜ ያገኛል ማለት ነው።

ገጸ ባሕርያትና ቦታ

ትርንጎ የ7 ዓመት ልጅ ናት። አያቷ እማማ ነጠላ የለበሱ፣ በዝግታ የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ በቃል የሚመሩንም እርሳቸው ናቸው። እናቷ በድምፅ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ትሰማለች። ቦታው የአንድ ገበሬ ግቢ ሲሆን በአንድ ጥግ የሣር ክዳን ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ከበሩ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ደግሞ በሁለት ባላ መካከል የተንጠለጠለ ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አለ። ጀሪካኑ ከአፉ ዝቅ ብሎ በምስማር ተበስቷል፤ አንገቱ ላይ የታሰረው ገመድ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር ስለተያያዘ እንጨቱ በእግር ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃም ይወርዳል። ሳሙናው በመረብ ከረጢት ተደርጎ ከባላው ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጠጠር ስለተደለደለ ጭቃ የለም። ይህን መታጠቢያ ተመልካቹ ቤቱ ሄዶ በአንድ ከሰዓት ሊሠራው እንዲችል አድርጋችሁ፣ ገመዱና እንጨቱ በግልጽ እየታዩ፣ ሳሉት።

ስክሪፕት

ከ0 እስከ 3 ሰከንድ
ድምፅ (እናት፣ ከቤት ውስጥ)፦ «ትርንጎ! ነይ፣ ምሳ ቀርቧል።»
ምስል፦ የመጸዳጃ ቤቱ በር ይከፈታል። ትርንጎ መወርወሪያውን በእጇ ስትይዝ በጣቶቿ ላይ አረንጓዴ ግራጫ አሻራ ይቀራል። ወደ ቤቱ መሮጥ ስትጀምር አሻራው በነካችው ሁሉ ላይ፣ በቀሚሷ ጫፍና በአጥሩ እንጨት ላይ፣ ይታተማል።

ከ3 እስከ 6 ሰከንድ
ድምፅ (እማማ)፦ «ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም፤ ሳሙና ያዢ።»
ምስል፦ ትርንጎ መታጠቢያው ዘንድ ትቆምና እንጨቱን ረግጣ እጇን ለቅጽበት ታስነካለች። ውሃው ይወርዳል፣ አሻራው ግን ከመዳፏ አይነሳም። የእማማ እጅ ከጎን ገብቶ ሳሙናውን ያመለክታል። ትርንጎ ሳሙናውን ስትይዝ እግሯን ከእንጨቱ ላይ ታነሳለች፣ ውሃውም ይቆማል። ውሃው መቆሙ በግልጽ ይታይ፤ ከምንጭ በጀርባ የተቀዳ ውሃ እየፈሰሰ እጅ ሲታሽ የምታይ እናት ምክሩን አትቀበለውም።

ከ6 እስከ 10 ሰከንድ (ማሻሸቱ ይጀምራል)
ድምፅ (እማማ)፦ «መዳፍሽን ከመዳፍሽ፣ የእጅሽንም ጀርባ።»
ምስል፦ ካሜራው ወደ እጆቿ ይጠጋል፤ እስከ 26ኛው ሰከንድ ድረስም ከእጆቿ አይለይም። አረፋው ይበዛል። አሻራው በአረፋው ውስጥ እየተነሳ ከቆዳዋ ሲላቀቅ ይታያል። እዚህ ላይ ሠዓሊዎቹ እንዲጠነቀቁ እንፈልጋለን፦ ሳሙና የሚሠራው በዋናነት በቆዳ ላይ ያለውን ቅባትና ከእርሱ ጋር የተጣበቀውን ቆሻሻና ተህዋስ ይዞ ከውሃው ጋር እንዲሄድ በማድረግ ነው። ስለዚህ አሻራው እንደ ተመታ ጠላት ፈንድቶ አይጥፋ፤ ተነስቶ በአረፋው ላይ ይንሳፈፍ።

ከ10 እስከ 14 ሰከንድ
ድምፅ (እማማ)፦ «በጣቶችሽ መካከል፣ አውራ ጣትሽን ዙሪያውን፣ ከጥፍርሽም ሥር።»
ምስል፦ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከቃሉ ጋር እኩል ይሄዳል። ጣቶቿ ይጠላለፋሉ፤ አውራ ጣቷን በሌላው መዳፏ ጨብጣ ታዞራለች፤ ጥፍሮቿን በመዳፏ ላይ ትፍቃለች። የመጨረሻው የአሻራ ቅሪት ያለው ከአመልካች ጣቷ ጥፍር ሥር ነው። በእጁ ለሚጎርስ ሰው ጥፍር ሥር የተረፈው ቆሻሻ ከጉርሻው ጋር ወደ አፍ ስለሚገባ ይህ አንድ ምልክት በትልቁ ይሳል።

ከ14 እስከ 17 ሰከንድ
ድምፅ (እማማ)፦ «ሳሙና ቢጠፋ ንጹሕ አመድ ይተካዋል።»
ምስል፦ ከመታጠቢያው ባላ ሥር ክዳን ያላት ጣሳ በጎን በኩል ትታያለች። ክዳኗ ሲነሳ ውስጧ የተነፋ ነጭ አመድ አለ። ትርንጎ አትጠቀምበትም፤ ማሻሸቷን ትቀጥላለች።

ከ17 እስከ 24 ሰከንድ
ድምፅ (እማማ)፦ «ከመጸዳጃ ቤት መልስ፤ ሕፃን ካጸዳን በኋላ፤ ምግብ ከመሥራታችን፣ ከመብላታችን፣ ሕፃን ከማጉረሳችን በፊት።»
ምስል፦ ከእጆቿ አምስት የሳሙና አረፋዎች እየተከተሉ ወደ ላይ ይነሳሉ። በመጀመሪያው ውስጥ የመጸዳጃ ቤቱ በር አለ። በሁለተኛው አንድ አባት ሕፃን ልጁን ሲያጸዳ ይታያል፤ አባት እንዲሆን የመረጥነው ይህ ሥራም ሆነ ከሥራው በኋላ መታጠብ የእናት ብቻ ሆኖ እንዳይቆጠር ነው። በሦስተኛው ሽንኩርት የሚከተፍበት መክተፊያ፣ በአራተኛው ክዳኑ የተነሳ መሶብ፣ በአምስተኛው አፉን የከፈተ ሕፃንና ወደ እርሱ የተዘረጋ ጣት አለ። አረፋዎቹ ሳይፈነዱ ከምስሉ ይወጣሉ፣ ከሥራቸውም እጆቿ ያለማቋረጥ ይታሻሉ።

ከ24 እስከ 26 ሰከንድ
ድምፅ (እማማ፣ በፍቅር)፦ «ገና ነው፣ ትርንጎ።»
ምስል፦ ከበላያቸው የወጥ እንፋሎት በቀጭን መስመር ያልፋል። የትርንጎ እጆች ማሻሸቱን ሊተዉ ቀጥ ይላሉ፤ የእማማን ቃል ሲሰሙ እንደገና ይቀጥላሉ። ልጅ በእርግጥ የሚሰለቸው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን ከዚህ ብዙ ቀድሞ ይተወዋል። ይህች ቦታ ብትቆረጥ ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆናል።

ከ26 እስከ 28 ሰከንድ
ድምፅ (እማማ)፦ «አሁን ተለቅለቂ።»
ምስል፦ እግሯ እንጨቱን ይረግጣል። ውሃው አረፋውንና አሻራውን ይዞ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል፣ ጥፍሯ ሥር የነበረውም አብሮ ይሄዳል። ትርንጎ እጇን ወደ ቀሚሷ ስትወስድ ጨርቁ ላይ የቀረውን አሻራ ታይና ትመልሰዋለች፤ በነፋስ እንዲደርቅም ሁለቱን እጆቿን ታራግባለች።

ከ28 እስከ 30 ሰከንድ
ድምፅ (እናት)፦ «ነይ ልጄ፣ ጉረሺ።»
ምስል፦ ካሜራው ለመጀመሪያ ጊዜ የሁሉንም ፊት በአንድነት ያሳያል። እናት ታጎርሳታለች፤ ትርንጎ ደግሞ በገዛ እጇ ለእማማ አንድ ጉርሻ ትሰጣለች። ምስሉ በዚያ ጉርሻ ላይ ያበቃል።

ለሠዓሊዎችና ለድምፅ ባለሙያዎች

አሻራውን ዓይን፣ ጥርስና ቀንድ ያለው አውሬ አድርጋችሁ አትሳሉት። እንዲህ ያለ ሥዕል ልጆችን ቢያስቅም አዋቂው «እንዲህ ያለ ነገር በእኔ እጅ ላይ የለም» ብሎ እንዲያልፈው ያደርገዋል። ዝም ብሎ የሚተላለፍ እድፍ ሲሆን ግን ሊጥ ወይም በርበሬ ከእጅ ወደ ዕቃ እንዴት እንደሚጋባ የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ይረዳዋል። አሻራው በፊልሙ በሙሉ አንድ ቀለም ይኑረው፤ ያ ቀለምም በሌላ ዕቃ ላይ አይታይ።

የእማማን ድምፅ ከአካባቢው የሆኑ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ቢያነቡት እንመርጣለን። የማስታወቂያ አንባቢ ድምፅ ትእዛዝ ይመስላል፤ የአያት ቃል ግን በቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚሰማ ነው። የቃላቱ ብዛት ሆን ተብሎ አንሷል፤ ንባቡን አታፋጥኑ፣ ክፍተቱንም በተጨማሪ ምክር አትሙሉት። ከማሻሸቱ ጋር አንድ ክራር ብቻ በዝግታ ይሰማ፤ ምቱም በትክክል በየሰከንዱ ይውደቅ። ፊልሙን ደጋግመው የሚያዩ ልጆች ያንን ዜማ ቤታቸው ወስደው መቁጠሪያ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የተቋማት ስምና አርማ ከ30 ሰከንዱ ውጭ፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በቆመ ምስል ይቅረብ። ከማሻሸቱ ላይ አንድ ሰከንድ ተቀንሶ ለአርማ እንዳይሰጥ አደራ እንላለን።

ሥራው የሚጀመረው ከ6ኛው እስከ 26ኛው ሰከንድ ካለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል በእርሳስ ንድፍ ደረጃ ሲደርስ፣ ቀለም ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ድምፅ አልባ ሆኖ በአንድ ጤና ኬላ ደጅ ለተሰበሰቡ እናቶችና ልጆች ይታያል፤ ሳሙናና ውሃም አጠገባቸው ይቀመጣል። ማንም ሳያዛቸው አብረው መታጠብ ከጀመሩና እስከ መለቅለቂያው ከዘለቁ ወደ ቀለሙ እንሻገራለን። መካከል ላይ ካቆሙ የትኛው ሰከንድ ላይ እንዳቆሙ ተመዝግቦ ያ ቦታ እንደገና ይሳላል።