የመጨረሻው ሾት

ሰውየው በአምስተኛው ሰከንድ ከግራ በኩል ይገባል። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ነጭ ጋቢ፣ ትከሻና ትከሻው ላይ የተጋደመ ዱላ። ሳይቸኩል ድልድዩን ተሻግሮ በአሥራ ስምንተኛው ሰከንድ በቀኝ ይወጣል።

«ይህን ሰውዬ አጥፋልኝ» አለ ዳይሬክተሩ።

ዘጋቢ ፊልሙ ከጭስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ስላለው የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለተሠራው። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻው ሾት ላይ ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንቱን ያሻገረው ድልድይ ዛሬ ብቻውን ቀርቷል» ይላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ዳይሬክተሩ የጻፋት ባሕር ዳር ጣና ዳር ቡና እየጠጣ፣ ገና ድልድዩን ሳያየው ነው። እኔ ጋ ያለው ፉቴጅ ደግሞ አህያ፣ ፍየል፣ ተማሪና ሽንኩርት የተሸከመች ሴት እየተጋፉ ሲሻገሩበት ነው የሚያሳየው። ምን ላድርግ፣ ኤዲተር ነኝ። ጽሑፉ ቀድሞ ከጸደቀ ድልድዩ ነው ጽሑፉን የሚመስለው።

ሾቱ ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው። በሰከንድ ሃያ አምስት ፍሬም ሲታሰብ ሰውየው ያለበት ሦስት መቶ ሃያ አምስት ፍሬም ይሆናል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ስለነበር ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ባዶውን ድልድይ ወስደህ ሰውየው ላይ ታለብሰዋለህ፣ አለቀ። ግን አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ ደመና ያልፍና ድንጋዩ ይጠቁራል፤ ያለበስኩት ድንጋይ ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው። ከድንጋዮቹ መሀል የበቀለው ሣር ይወዛወዛል። ከሁሉ ያስቸገረኝ ጥላው ነው። ጠዋት ስለነበር ከራሱ ከሰውየው ይረዝማል፤ የድልድዩን ከለላ ይወጣና በወዲያኛው ጎን ይንጠለጠላል። ሰውየውን በአንድ ሌሊት ጨረስኩት፤ ጥላው ሌላ ሌሊት ወሰደ። በመሀል መብራት ሁለቴ ጠፋ። ፏፏቴው በንጉሡ ዘመን ከተተከለው የኃይል ማመንጫ ጋር ውኃውን ሲካፈል የኖረ ነው፤ እኔ የዚያኑ ፏፏቴ ፊልም ይዤ ባሕር ዳር ላይ ጨለማ ውስጥ እቀመጣለሁ።

ሰውን ፍሬም በፍሬም ስታጠፋው ሚስቱ እንኳ በማታውቀው ልክ ታውቀዋለህ። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ድልድዩ መሀል ሲደርስ ዱላውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ጋቢው ውስጥ እጁን ይከትና ዳቦ ያወጣል፤ ይቆርሳል፤ ዙሪያውን ቃኘት ያደርጋል። ከዚያ ቁራሹን ከድልድዩ ጫፍ ለተኛው ቡናማ ውሻ ይወረውርለታል። ውሻው በአየር ላይ ይቀልበዋል፣ ያላምጣል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቁራሹን በዘጠኝ ፍሬም ውስጥ አሳድጄ አጠፋሁት። ውሻውን ተውኩት። ጥግ ላይ ያለች፣ አውራ ጣት የማታህል ውሻ ማን ያያታል?

የእግሩን ኮቴ የድምፅ ባለሙያው በውኃ ድምፅ ሸፈነልኝ። ዳይሬክተሩ አይቶ «ድንቅ ነው፤ ሆድ ያባባል» አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ፊልሙ ለአካባቢው ሰው ይታይ ተባለና ጭስ ዓባይ ወረድን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነጭ አቡጀዴ ወጠርን። እስኪመሽ ድረስ ቡና ተፈላልን። የምታፈላዋ ሴትዮ ወሬ አዋቂ ነች፤ ስለ ፊልሙ ጠየቀችን፣ ስለ ደመወዛችን ጠየቀችን፣ ስለ እናቷም አወራችን። እናቷ ከወንዙ ማዶ ናቸው። በየሳምንቱ በባሏ እጅ ዳቦ ትልክላቸዋለች። «እሳቸው ደግሞ ‹ዳቦሽ እያነሰ መጣሳ› ይሉኛል። ምጣዱ ያው፣ ሊጡ ያው! እርጅና ነው እንግዲህ» አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልን።

ፊልሙ ጥሩ ሄደ። ሰው የሚያውቀውን ገደል ሲያይ እልል አለ፤ የራሱን አህያ ያየ አንድ ልጅ ተነሥቶ ጮኸ። የመጨረሻው ሾት መጣ። ተራኪው «ዛሬ ብቻውን ቀርቷል» ሲል ከኋላ አንድ ሽማግሌ «በየት በኩል መጥተን ነው ታዲያ እኛ?» አሉና ግቢው በሣቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ አቀረቀረ። እኔ ይሄው ነው፣ አለፈ ብዬ ተንፈስ ስል የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ መጣ።

«አንበሴ ምንድን ነው የሚበላው?»

ሣቁ ቆመ። አቡጀዴው ላይ ቡናማው ውሻ ከባዶ አየር አንድ ነገር ቀልቦ ያላምጣል። ለባዶው ድልድይ ጭራውን ይቆላል።

«በስመ አብ!» አሉ አንዲት እናት።

«ምን በስመ አብ ያሰኛል?» አለ የውሻው ጌታ፤ እዚያው ድልድዩ ዳር ለእንግዳ ለስላሳ የሚሸጥ ጎረምሳ ነው። «አንበሴ እኔን ራሴን ይነክሳል። ጭራውን የሚቆላው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአያ አንማው።»

«አያ አንማው!» አለ ግቢው ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ከቡናዋ ሴትዮ አጠገብ ጋቢ የለበሰ ሰው ነበር። ግራ እግሩን ሲያስተካክል ዐወቅሁት። ሠላሳ ሰው ዞሮ ሲያየው እሱ እኔን ነው ያየው፤ ማን እንደነገረው እንጃ።

«እውነት ነው፣ የሆነች ቀን አልፌ ነበር። ካሜራችሁን አይቻታለሁ» አለ። «ታዲያ የት ገባሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ዳይሬክተሩ ተነሥቶ ስለ ጥበብና ስለ ቅንብር ሁለት ነገር ተናገረ፤ ሰዉ በትሕትና ሰማውና አያ አንማውን «ሞተህ ሳንቀብርህ ቀረን?» እያለ ይተርበው ጀመር። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «መልሰው። ተራኪውንም እንቀይረዋለን» አለኝ። ሁለት ሌሊቴ በሁለት ቃል ሄደ።

ዕቃ ስንሰበስብ አያ አንማው ብቻውን መጣ። ላፕቶፔን ከፍቼ ያልተነካውን ሾት አሳየሁት። ተጠግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ አየ። ራሱን ሲገባ ሲያይ ፈገግ አለ፤ ጋቢውን በእጁ ዳሰሰ። ድልድዩ መሀል ደርሶ ዱላውን ሲያወርድ ፈገግታው ጠፋ። ዳቦው ሲወጣ ወደ ኋላው ዞር አለ። ሚስቱ ስኒዎቿን እያለቀለቀች ነበር።

«ይህንንም ልትጨምረው ነው?»

«አዎ፣ እንዳለ ነው የምመልሰው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያን ጊዜም ባላጠፋዎት ነበር ደስ የሚለኝ።»

«የለም የለም፣ እኔን መልሰኝ፤ ደግ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገና ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ በአየር ላይ ባለችው ቁራሽ ላይ አሳረፈ። «ልጄ፣ አንተ እንደምታውቅበት አይቻለሁ። ይቺን ዳቦዋን ብቻ አጥፋልኝ።»