ራሴን ያመኛል፦ የፋርማሲ ንግግር መለማመጃ

ይህን ንግግር የጻፍኩት ከሌላ አገር መጥተው አዲስ አበባ ለሚኖሩ የአማርኛ ተማሪዎቼ ነው። ሁለት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ።

ወሩ ሐምሌ ነው። ቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ፋርማሲ አለች። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ያሲር ከካርቱም ከመጣ አራት ወሩ ነው። ባለሙያዋ በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ ስለዚህ እሱ «እርስዎ» ይላታል፣ እሷ «አንተ» ትለዋለች። ያሲር ጃንጥላውን አጥፎ ሲገባ ያስነጥሰዋል።

ባለሙያዋ፦ ይማርህ!

ያሲር፦ ያኑርዎት።

ባለሙያዋ፦ ጎሽ! ይቺን ማን አስተማረህ?

ያሲር፦ አከራዬ። ደህና ዋሉ?

ባለሙያዋ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልርዳህ ወንድሜ?

ያሲር፦ እኔ... ራስ ሕመም አለ።

ባለሙያዋ፦ ራስህን ያምሃል?

ያሲር፦ አዎ። ራሴን ያመኛል። ጉሮሮዬም... እንዲህ፣ እንዲህ ያደርገኛል። (በጣቱ አንገቱን ይቧጥጣል)

ባለሙያዋ፦ ይከረክርሃል ማለት ነው። ሳልስ አለህ?

ያሲር፦ ትንሽ ያስለኛል።

ባለሙያዋ፦ ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው?

ያሲር፦ አክታ ምንድን ነው?

ባለሙያዋ፦ ስታስል ከደረትህ የሚወጣው ወፍራም ነገር።

ያሲር፦ እሱ የለም። ደረቅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ተማሪዎቼን ሁሉ የሚያደናቅፋቸው «ያመኛል» ነው። በአማርኛ እኔ ራሴን አላምም፤ ሕመሙ ነው እኔን የሚያመኝ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኛል» ውስጥ እኔ አለሁ። ያመኛል፣ ያምሃል፣ ያምሻል፣ ያመዋል፣ ያማታል። ለትልቅ ሰው ያምዎታል። ያስለኛል፣ ያዞረኛል፣ ያሳክከኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። አንዷን የያዘ ሌሎቹን አያጣቸውም። እንቀጥል።

ባለሙያዋ፦ ትኩሳትስ?

ያሲር፦ ማታ ማታ ይሞቀኛል። ከዚያ ደግሞ ይበርደኛል። እንደዚህ እንቀጠቀጣለሁ።

ባለሙያዋ፦ ብርድ ብርድ ይልሃል። ከጀመረህ ስንት ቀንህ ነው?

ያሲር፦ ሦስት ቀን። ጎረቤቴ «ምች ነው» አለችኝ። ቅጠል ጨምቃ ሰጠችኝ።

ባለሙያዋ፦ (እየሳቀች) ዳማከሴ ነዋ! ተሻለህ?

ያሲር፦ ሽታው ጥሩ ነው። ግን አልተሻለኝም። አሞክሳሲሊን ይስጡኝ፣ እባክዎ።

ባለሙያዋ፦ ማዘዣ አለህ?

ያሲር፦ ማዘዣ?

ባለሙያዋ፦ ሐኪም የጻፈልህ ወረቀት።

ያሲር፦ የለኝም። ጓደኛዬ ግን ያለ ወረቀት ገዛሁ ብሎኛል።

ባለሙያዋ፦ እኔ ጋ ግን ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ደግሞ ጉንፋን ከሆነ አሞክሳሲሊን ምንም አይሠራልህም። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወጥተህ ነበር?

ያሲር፦ አዎ። የዛሬ ሁለት ሳምንት መተማ ሄጄ ነበር። ወንድሜ ከሱዳን ሲገባ ልቀበለው።

ባለሙያዋ፦ እዚያ አደርክ?

ያሲር፦ አራት ሌሊት። ትንኙ ብዙ ነው!

ባለሙያዋ፦ (እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች) እንግዲያው ስማኝ። አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ ወባ እዚህ ብዙም አይያዝም። መተማ ግን ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት የወባም ምልክት ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደም ትመረመራለህ።

ያሲር፦ መርፌ?

ባለሙያዋ፦ ጣትህን ወጋ ያደርጉሃል፣ በቃ። አንድ ጠብታ ደም ነው።

ያሲር፦ ታዲያ እርስዎ የወባ መድኃኒት ለምን አይሰጡኝም?

ባለሙያዋ፦ መሆኑ ሳይታወቅ? የወባ ዓይነቱ ይለያያል፣ መድኃኒቱም እንደዚያው። እስከዚያው ለራስ ምታቱና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እሰጥሃለሁ። ትኩሳቱን ያበርደዋል እንጂ ወባን አያድንም። ተሻለኝ ብለህ ምርመራውን እንዳትተው።

ያሲር፦ እሺ። አልተውም።

ባለሙያዋ፦ የማይስማማህ መድኃኒት አለ? ወስደህ ያሳከከህ፣ ያበጠህ?

ያሲር፦ የለም።

ባለሙያዋ፦ የጉበት በሽታስ? ሌላ የምትወስደው ክኒን?

ያሲር፦ ጉበት ደህና ነው። ክኒን አልወስድም።

ባለሙያዋ፦ ጥሩ። ይሄ ባለ 500 ሚሊ ግራም ነው። ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት።

ያሲር፦ (ስልኩን አውጥቶ ያያል) 1 ሰዓት? ያኔ እኮ ተኝቻለሁ!

ባለሙያዋ፦ አይ፣ በኛ አቆጣጠር ነው! ስልክህ 7 ሲል እኛ ጠዋት 1 ሰዓት እንላለን። ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር እንጀምራለን።

ያሲር፦ ቀን 8 ሰዓትስ?

ባለሙያዋ፦ በስልክህ ከሰዓት በኋላ 2። ማታ 4 ደግሞ በስልክህ የማታው 10። ቆይ ልሣልልህ።

በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ግማሽ ፀሐይ፣ ሙሉ ፀሐይና ጨረቃ ትሥላለች። ከእያንዳንዳቸው ሥር ሁለት ሁለት ክብ ታደርጋለች። (ፊደል የማያነቡ ብዙ እናቶች መድኃኒታቸውን የሚያውቁት በእንዲህ ያለ ሥዕል ነው። እኔ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይሻላል ባይ ነኝ።)

ያሲር፦ አሁን ገባኝ። ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ባለሙያዋ፦ ለዚህኛው ለውጥ የለውም። በቀን ከ8 ፍሬ በላይ ግን በፍጹም። ደግሞ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ደርበህ እንዳትወስድ።

ያሲር፦ እዚህ የተጻፈው ቀን... አላለፈበትም?

ባለሙያዋ፦ ማየትህ ጥሩ ነው። አላለፈበትም። ማሸጊያው ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከኛ ጋር አታምታታው።

ያሲር፦ ስንት ነው?

ባለሙያዋ፦ 40 ብር። ደረሰኙን ያዝ። ፈሳሽ በብዛት ጠጣ። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ካስመለሰህ ወይም ራስህን ካዞረህ ግን ወረፋ ሳትጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ያሲር፦ እሺ። ጤና ጣቢያው ክፍት ነው አሁን?

ባለሙያዋ፦ ገና 5 ሰዓት ነው። (ያሲር ስልኩን ያያል። 11 ይላል። ፈገግ ይላል።) ሐኪሙ ጋ ስትገባ መጀመሪያ ምን ትላለህ?

ያሲር፦ ራሴን ያመኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ መተማ ነበርኩ።

ባለሙያዋ፦ «መተማ ነበርኩ» የምትለዋን አስቀድማት። እግዜር ይማርህ።

ያሲር፦ አሜን። አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ ለውጡት። ያሲር ይቅርና አንዲት እናት ትግባ። የሁለት ዓመት ልጇን ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ ይዞታል፣ ያስመልሰዋል፣ ምግብ አልበላ ብሏል። «ያመዋል»፣ «ሆዱን ይቆርጠዋል»፣ «ውኃ ውኃ ይለዋል» በሉ። ባለሙያዋ ለምለም የሚባለውን ዱቄት ትሰጣታለች፤ አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጥብጣ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ እንድታጠጣው ትነግራታለች። ዚንክም ትጨምርላታለች። እናትየዋ «ስንት ቀን ልስጠው?» ብላ ትጠይቅ። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው ወዴት እንደምትወስደው ደግሞ እናንተ ንገሯት።